የPrtSc ቁልፍ በተበላሸበት ላፕቶፕ ስክሪንሹት ማንሳት፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በአንድ ላፕቶፕና በአንድ የማስረከቢያ ቀን ነው። በምሠራበት ድርጅት የኮምፒውተር ድጋፍ የምሰጠው እኔ ስሆን፣ በዕድሜም በሥራ ልምድም የሚበልጡኝ አንዲት ባልደረባዬ ለአዳዲስ ሠራተኞች የሚሆን የመዝገብ ፕሮግራም መመሪያ በማዘጋጀት ላይ ነበሩ። መመሪያው ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ሥዕሎች ያስፈልጉት ነበር፤ ከታቀዱት 39 ሥዕሎች ውስጥ 11 የሚሆኑት ተነሥተው ሳለ ውሃ በላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው አጥፍተው፣ ገልብጠው፣ ለሁለት ቀን አድርቀው ሲያበሩት ማሽኑ ተነሣ፤ ነገር ግን PrtSc የተባለው ቁልፍ ምላሽ መስጠት አቆመ። ቀሪዎቹ 28 ሥዕሎች በአምስት ቀን ውስጥ መጠናቀቅ ነበረባቸው፤ ኪቦርዱን የሚቀይረው ጥገና ቤት ደግሞ ላፕቶፑን ከሳምንት በላይ እንደሚያቆየው ነግሯቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቁልፉን መጠገን ሳይሆን ያለ ቁልፉ ሥራውን መጨረስ ነበር። ማሽኑ የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ነው።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ግን ቁልፉ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም «PrtSc አልሠራ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ከቁልፉ ሳይሆን ከቅንብሩ ነው። ቁልፉ በልማዱ የሚሠራው በዝምታ ነው፤ የስክሪኑን ምስል የተቀዳ ነገር ለጊዜው ወደሚቀመጥበት ክሊፕቦርድ ይቀዳል እንጂ ድምፅም መልእክትም አያሳይም። በቅርብ ጊዜ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ደግሞ ያው ቁልፍ ሲነካ Snipping Tool የተባለውን የመቁረጫ መሣሪያ እንዲከፍት ተደርጎ ይመጣል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ PrtSc ከሌላ ሥራ ጋር አንድ ቁልፍ ስለሚጋራ፣ Fn ካልታከለበት የሚሠራው ያንን ሌላውን ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ቁልፉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተበላሸ ሊያስመስሉት ይችላሉ።

ለመለየት የተጠቀምኩበት ዘዴ ቀላል ነው። Win + V ሲጫኑ የክሊፕቦርድ ታሪክ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ካልተከፈተ መጀመሪያ እንዲከፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ታሪኩን ባዶ አደረግኩና የላፕቶፑን PrtSc ብቻውንም ከFn ጋርም፣ ከAlt ጋርም አድርጌ ደጋግሜ ተጫንኩት፤ በታሪኩ ውስጥ የገባ ምንም ነገር የለም፣ የመቁረጫው መሣሪያም አልተከፈተም። ቀጥዬ በስክሪን ላይ የሚታየውን ኪቦርድ ከፍቼ በዚያው Alt እና PrtScn ነካሁ፤ የመስኮቱ ምስል ወዲያው በታሪኩ ውስጥ ታየ። አንዱ ትእዛዝ በአንደኛው መንገድ ሲያልፍና በሌላው ሲቀር፣ ዊንዶውስም ቅንብሩም ደህና ናቸው፤ የሞተው ከጣት በታች ያለው ነገር ነው ማለት ነው። በተቃራኒው በስክሪን ላይ ያለው ኪቦርድም ምስል ባያስገባ ኖሮ፣ ትእዛዙን በመሃል የሚቀማ ሌላ ፕሮግራም መኖሩን እጠረጥር ነበር።

በዚሁ ፍተሻ ሌላ ነገር ተገለጠ። ባልደረባዬ ቀደም ብለው «አንዳንድ ፊደል ይዘልብኛል» ብለውኝ ነበር፤ እኔም ለእርጥበቱ ሰጥቼ አልፌው ነበር። አማርኛ የሚጽፉት በድምፅ አጻጻፍ ሲሆን፣ «ስም» ለማለት ሲጽፉ የሚወጣው «ም» ብቻ ነበር። የS ቁልፍም አብሮ ሞቷል። ሁለቱ ቁልፎች በኪቦርዱ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ በመሆናቸው ግንኙነት የሌላቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን በኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ በአግድምና በቁመት በተዘረጉ መስመሮች መገናኛ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ውሃ አንዱን መስመር ሲበላው በዚያ መስመር ላይ የተሰለፉ ቁልፎች፣ የትም ይቀመጡ የት፣ አብረው ይጠፋሉ። ከPrtSc ጋር ሌላ ቁልፍ መጥፋቱም ጉዳቱ የአንድ ቁልፍ መላላት ሳይሆን የመስመር መበላት መሆኑን ስለሚጠቁም፣ ቁልፉን ነቅሎ ማጽዳት ጊዜ ከማባከን በቀር እንደማይጠቅም ነገረኝ።

የS መሞት ጉዳዩን ከተለመደው መንገድ አወጣው። PrtSc ለጠፋበት ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር የመቁረጫውን መሣሪያ ለመክፈት Win + Shift + S ተጫን የሚል ነው፤ ምክሩም ትክክል ነው፣ S እስካለ ድረስ። እኛ ግን ሁለቱንም አጥተናል።

የመጀመሪያው መንገድ እንግዲህ በስክሪን ላይ የሚታየው ኪቦርድ ሆነ። Win + Ctrl + O ሲጫኑ ይከፈታል፤ ያንኑ ሲደግሙት ይዘጋል። ከእነዚህ ቁልፎች አንዱ የሞተበት ሰው በSettings ውስጥ Accessibility፣ ከዚያም Keyboard ገብቶ On-screen keyboard የሚለውን በመዳፊት ማብራት ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ከታች በተግባር አሞሌው ላይ በትንሽ የኪቦርድ ምልክት የሚከፈተው ለጣት ንክኪ የተዘጋጀው ኪቦርድ ሌላ ነው፤ ትልልቅ ፊደሎችና ስሜት ገላጭ ምስሎች ያሉት ሲሆን በተለመደው ገጽታው PrtScn የለውም። ባልደረባዬ እኔ ከመምጣቴ በፊት እርሱን ከፍተው ቁልፉን ሲፈልጉ ቆይተው «የለም» ብለው ዘግተውታል። የሚፈለገው እንደ ሙሉ የኮምፒውተር ኪቦርድ የተሠራው ነው፤ በእርሱ ላይ PrtScn በስተቀኝ በኩል ከInsert በታች፣ ከScrLk ጎን ይገኛል።

በዚህ ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፎችን አብሮ መጫን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በመዳፊት ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መንካት ስለማይቻል፣ Alt ወይም የዊንዶውስ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ ተይዞ ይቆያል፤ ቀጥሎ የሚነካው ቁልፍ ሲመጣ አብረው እንደተጫኑ ይቆጠርና ይለቀቃል። ስለዚህ Alt ነክቶ PrtScn መንካት ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ብቻ ወደ ክሊፕቦርድ ይቀዳል። የዊንዶውስ ቁልፍን ነክቶ PrtScn መንካት ደግሞ ሙሉውን ስክሪን በቀጥታ በፋይል ያስቀምጣል፤ ስክሪኑ ለቅጽበት ደብዘዝ ካለ ተነሥቷል ማለት ነው፣ ፋይሉም በPictures ውስጥ Screenshots በሚለው ፎልደር ተራ ቁጥር ይዞ ይገኛል። PrtScn ብቻውን ሲነካ የሚሆነው ግን በቅንብሩ ይወሰናል፤ በዚህ ማሽን ላይ የመቁረጫውን መሣሪያ ይከፍት ነበር። ይህን ያልፈለገ ሰው በዚያው የAccessibility ገጽ Keyboard ውስጥ የPrint screen ቁልፍን የሚመለከተውን መቀየሪያ አጥፍቶ ወደ ቀድሞው ጠባይ ሊመልሰው ይችላል።

ለመመሪያው የተስማማው Alt ያለበት መንገድ ነበር። ሥዕሎቹ የፕሮግራሙን መስኮት ብቻ ማሳየት ስለነበረባቸው መቁረጥ አያስፈልግም፤ በስክሪን ላይ ያለው ኪቦርድም ሲነካ የፊተኛነቱን ቦታ ከፕሮግራሙ ስለማይወስድ፣ የሚነሣው የፈለግነው መስኮት ነው። በዚህ ሁኔታ በአንድ ከሰዓት 9 ሥዕሎች ተነሡ። በማግሥቱ ግን ሁለት ችግሮች አንድ ላይ መጡ።

የመጀመሪያው የመጠን ችግር ነበር። ኪቦርዱ የሚሠሩበትን ቦታ ስለሸፈነባቸው ባልደረባዬ Dock የሚለውን ቁልፍ ነኩ። Dock ኪቦርዱን ከስክሪኑ ግርጌ ጋር አጣብቆ ለራሱ ቦታ ይከልላል፤ ሙሉ ስክሪን የያዘው የፕሮግራሙ መስኮትም ከቀረው ቦታ ጋር ሊስማማ አጠረ። ሥዕሎቹ ሲነሡ ምንም የተለየ ነገር አልታየም፤ ወደ መመሪያው ገብተው ከቀድሞዎቹ ጎን ሲቀመጡ ግን ቁመታቸው አንሶ፣ የሠንጠረዡ የታችኛው ረድፎች ጠፍተው ተገኙ። አራት ሥዕል እንደገና መነሣት ነበረበት። መፍትሔው Dockን ትቶ ኪቦርዱን ተንሳፋፊ እንደሆነ ማቆየት፣ በጠርዙ ይዞ ማሳነስና ወደማያስፈልግ ጥግ መጎተት ነው። Fade የሚለው ቁልፍም አለ፤ ኪቦርዱን አሳስቶ ከሥሩ ያለውን ያሳያል፣ ድጋሚ ሲነካ ይመልሰዋል። እኔ ለሥዕል ሥራ Dockን ጨርሶ አልመክርም፤ ለረጅም ጽሑፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ከባድ ነበር። ከቀሪዎቹ ሥዕሎች 14ቱ የተከፈተ ዝርዝር ማሳየት ነበረባቸው፤ «ፋይል የሚለውን ሲነኩ ይህ ይከፈታል» የሚሉ ዓይነት ናቸው። ዝርዝሩን ከፍተው በስክሪን ላይ ያለውን PrtScn ለመንካት ሲሄዱ ዝርዝሩ ይዘጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተከፈተ ዝርዝር ከእርሱ ውጭ ሌላ ቦታ ሲነካ እንዲዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ በስክሪን ላይ ያለው ኪቦርድ ደግሞ ለዝርዝሩ «ሌላ ቦታ» ነው። የጣት ቁልፍ ይህ ችግር የለበትም፤ መዳፊቱ ባለበት ይቆያልና። በስክሪን ላይ ያለው ኪቦርድ የጣት ቁልፍን ሙሉ በሙሉ የማይተካው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ባልደረባዬ «ይሄማ ፎቶ ሲነሣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ሆነብኝ» ያሉትም ለዚህ ነበር።

ለዝርዝሮቹ ሁለት ነገር ሞከርን። አንደኛው የላፕቶፑን ታችፓድ ለዚህ ሥራ ማሰልጠን ነበር። ዊንዶውስ ፕሪሲዥን ከሚለው ዓይነት ታችፓድ ጋር ሲሠራ፣ በሦስት ጣት መንካትን ለፈለጉት የቁልፎች ጥምረት መስጠት ይፈቅዳል። በSettings ውስጥ Bluetooth & devices፣ ከዚያ Touchpad፣ ከዚያ Advanced gestures ይገባል፤ ለሦስት ጣት መንካት Custom shortcut ተመርጦ Start recording ሲነካ የሚጫኑት ጥምረት ይመዘገባል። Advanced gestures የሚለው ገጽ ጨርሶ ካልታየ፣ ታችፓዱ የዚህ ዓይነት አይደለም ማለት ነውና መፈለጉን መተው ነው። እኛ መመዝገብ የፈለግነው Win + Shift + S ነበር፤ ይህም ወደ ሞተው ቁልፍ መለሰን። ከጎረቤት ጠረጴዛ በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ ለአምስት ደቂቃ ተዋስን፤ ጥምረቱን በእርሱ ጫንን፣ መዘገብን፣ መለስን። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ባይኖርም ሦስት ጣት ታችፓዱን ሲነካ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከላይ የመቁረጫው አሞሌ ይወጣል፣ አራት ማዕዘን ወይም መስኮት መርጦ ማንሳት ይቻላል።

«ኪቦርድ መዋስ ከተቻለ ለምን በእርሱ አልተሠራም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ኪቦርዱ የሌላ ሰው የዕለት ሥራ መሣሪያ ነበር፤ ባልደረባዬም ሥዕሎቹን የሚያነሡት ፕሮግራሙ በሚሠራባቸው ክፍሎች እየተዘዋወሩ ነው። አንድ ጊዜ ተመዝግቦ በማሽኑ ላይ የሚቀር ነገር ለእርሳቸው የተሻለ ነበር።

የሦስት ጣት መንካት ግን ልምምድ ይጠይቃል። ጣቶቹ አንድ ላይ ወርደው አንድ ላይ መነሣት አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ማሽኑ የሁለት ጣት መንካት አድርጎ ይቆጥረውና የቀኝ ጠቅታ ዝርዝር ይከፍታል፤ ጣቶቹ ከተንሸራተቱ ደግሞ ሌላ የሦስት ጣት እንቅስቃሴ ይሆንና መስኮቶቹ ይለዋወጣሉ። ባልደረባዬ በመጀመሪያው ሰዓት ከሦስት ሙከራ አንዱ ይሳካላቸው ነበር፤ ጣቶቻቸውን ተቀራርበው ሳይሆን በትንሹ ተለያይተው ሲያሳርፉ ተስተካከለላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል፦ የሦስት ጣት መንካት ቀድሞ መፈለጊያውን ይከፍት ነበር፤ አሁን ያ ሥራ በዚህ ተተክቷል።

ከተከፈቱት ዝርዝሮች ከፊሎቹ በዚህ መንገድ ተነሡ፤ መዳፊቱ ከቦታው ስላልሄደና ሌላ ቦታ ስላልተነካ ዝርዝሩ ተከፍቶ ቆየ። ሌሎቹ ግን የዊንዶውስ ቁልፍ ገና ሲላክ ተዘጉ። የትኛው እንደሚቆይ የትኛው እንደሚዘጋ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን እንዴት እንደሠራው ስለሚወሰን፣ አስቀድሞ ከመገመት አንድ ጊዜ ሞክሮ ማየት ይቀላል።

ለእምቢተኞቹ የቀረው ሁለተኛው መንገድ ሰዓት ነው። Snipping Toolን በፕሮግራምነት ከStart ዝርዝር በመዳፊት ከፍተን፣ ለወደፊቱ እንዲቀርብ በተግባር አሞሌው ላይ ሰካነው። በመስኮቱ ላይ የሰዓት ምልክት ያለበት ምርጫ አለ፤ ሥዕሉ ከ3፣ ከ5 ወይም ከ10 ሰከንድ በኋላ እንዲነሣ ያደርጋል። 5 ሰከንድ መርጠን New ነካን፣ ወደ መዝገብ ፕሮግራሙ ሄደን ዝርዝሩን ከፈትን፣ መዳፊቱን በተፈለገው መስመር ላይ አሳርፈን እጃችንን ሰበሰብን። ጊዜው ሲሞላ ስክሪኑ ዝርዝሩ እንደተከፈተ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ የሚፈለገውን ክፍል መቁረጥ ብቻ ነው። ምንም ቁልፍ ስላልተላከ፣ ምንም ቦታ ስላልተነካ፣ ዝርዝሩ የሚዘጋበት ምክንያት አልነበረውም። ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ላለባቸው ሦስት ሥዕሎች 5 ሰከንድ አላደረሰምና 10 ተጠቀምን። ቀርፋፋ መንገድ ነው፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ አላሳፈረንም።

በመጨረሻ 28ቱ ሥዕሎች እንዲህ ተከፋፈሉ፦ ተራ መስኮት ብቻ የሚያሳዩት 14ቱ በስክሪን ላይ ባለው ኪቦርድ በAlt እና PrtScn፣ ዝርዝር የሚያሳዩት 6ቱ በሦስት ጣት፣ ቀሪዎቹ 8 ዝርዝሮች በሰዓት ቆጣሪው። የትኛውም መንገድ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም ነበር፤ ወይም ሁሉንም በሰዓት ቆጣሪው ለማንሳት ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ነገሮች በየትኛውም መንገድ አልተነሡም፤ ምክንያቱ የቁልፉ መሞት ስላልሆነ ጊዜ እንዳናጠፋበት ወዲያው አቆምን። ፕሮግራሙን ሲጭኑ ዊንዶውስ ሙሉ ስክሪኑን አደብዝዞ ፈቃድ የሚጠይቅበት ሳጥን በተለየ የተጠበቀ ስክሪን ላይ ስለሚወጣ፣ ጤነኛ ቁልፍም ቢኖር ምስሉን አይቀዳም፤ እርሱን በስልክ ካሜራ አነሣነው። በመመሪያው መግቢያ ላይ እንዲገባ የታሰበው የማስተማሪያ ቪዲዮ ምስል ደግሞ ቅጂ የሚከለክል ጥበቃ ስላለው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ በጽሑፍ ተተካ።

ላፕቶፑ ወደ ጥገና የተላከው መመሪያው ከተረከበ በኋላ ነው። ጥገና ቤቱም ቁልፉን ሳይሆን ኪቦርዱን በሙሉ ቀየረው፤ PrtScም Sም አብረው ተመለሱ። ባልደረባዬ የሦስት ጣቱን ቅንብር ላጥፋው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ተወው፤ የአዲሱን ቁልፍ ቦታ እስካሁን አልያዝኩትም» አሉኝ።